የሚለቀው ያልያዘው ቀለም ነው

ጥያቄ፦ "ሰላም ለናንተ። ድሬ፣ ቀፊራ ገበያ በእጅ የተነከረ 4 ሜትር የጥጥ ጨርቅ ገዛሁ። ጥቁር ቀይ ሆኖ በክር እየታሰረ ነጭ የቀረ አበባ አለው። ሻጩ 'ቀለሙ እንዲይዝልሽ በጨውና በአቼቶ ዘፍዝፊው' አለኝ። አንድ ሌሊት ዘፈዘፍኩት፤ ውሃው ብዙም አልቀላም፣ ደስ አለኝ። በማግስቱ ከነጠላዬ ጋር በሞቀ ውሃ በኦሞ ሳጥበው ግን ውሃው ደም መሰለ። ነጠላዬ ሮዝ ሆነ፣ አበባውም ደፈረሰ። ተጭበርብሬ ነው? ቀለሙን የማስያዝ ዘዴ አለ? ለሰፊ ልሰጠው ነበር።"

ምላሽ፦

ከሁሉ በፊት ነጠላውን ያስቀድሙ። ገና እርጥብ ከሆነ ፀሐይ ላይ አያስጡት፤ ደርቆም ከሆነ ካውያ አያስነኩት። ለብቻው ንጹህ ውሃ ውስጥ ይንከሩትና ይቆይ። አወጣጡን ዝቅ ብለን እንነግርዎታለን፤ መጀመሪያ ስለ ጨርቁ እንነጋገር።

ከነገሩን ስንነሳ የተጭበረበሩ አይመስለንም። የተሰጠዎት ምክር ግን የዚህ ጨርቅ ምክር አይደለም። ጨውም ሆነ አቼቶ የተነከረ ጥጥን ቀለም አያስይዝም። ጥጥ ላይ ቀለም የሚይዘው ነካሪው እጅ ላይ እያለ ነው፤ ያኔ ሳይዝ የቀረው ቀለም ከዚያ በኋላ ቢዘፈዘፍ፣ ቢቀቀል፣ ቢለመን አይይዝም። እርስዎ ቤት የቀረው ሥራ ያልያዘውን አውጥቶ መድፋት ነው። ይህ ሥራ ሲያልቅ ጨርቁ መልቀቁን ያቆማል፤ ሰዎች "ቀለሙ ያዘ" የሚሉት ይህንኑ ነው።

ለምን ይለቃል ለሚለው፣ ነካሪው ጋ የሚሆነውን ማየት ያስፈልጋል። ደማቅ ሆኖ የሚዘልቅ የእጅ ንክር ጥጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ሪአክቲቭ በሚባለው የቀለም ዓይነት ነው። ይህ ቀለም በውሃ ይሟሟል። ጨው ሲጨመርበት ከውሃው ይልቅ ወደ ክሩ ያደላል። ሶዳ አሽ የሚባለው ዱቄት ሲጨመርበት ደግሞ የቀለሙ ጫፍ እንደ መንጠቆ ጥጡን ይይዛል፤ ከያዘ በኋላ የጥጡ አካል ሆኗል፣ በፈላ ውሃም አይወጣም። ጣጣው መንጠቆው አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ሶዳው ከገባበት ደቂቃ ጀምሮ ቀለሙን ጥጡም ይፈልገዋል፣ ራሱ ውሃውም ይፈልገዋል። ውሃውን የያዘ ቀለም መንጠቆውን ጨርሷል፤ ቀይነቱ እንዳለ ነው፣ ክሩ ውስጥም ተሰግስጎ ይቀመጣል፣ ግን ከምንም ጋር አልታሰረም። በጎበዝ ነካሪ እጅ እንኳ ከአሥር እጅ ቀለም የሚያዘው ከስድስት እስከ ስምንት እጅ ያህሉ ነው። የቀረው መውጣት ያለበት ትርፍ ነው። እርስዎ ሳፋ ውስጥ ያዩት ደም መሳይ ውሃ የጨርቅዎ ቀለም ሳይሆን ይህ ትርፍ ነበር።

ትርፉ ምን ያህል እንደሚሆን አየሩም ይወስነዋል፣ በኛ አካባቢ ደግሞ ድሬና ሐረር በዚህ ተቃራኒ ናቸው። ቀለሙ ጥጡን በደንብ የሚይዘው ጨርቁ እርጥብ ሆኖ፣ ሙቀቱም ከ20 ዲግሪ በላይ ሆኖ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሲቆይ ነው። ሐረር ከፍታ ላይ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ብርድ የተነከረ ጨርቅ ሌሊቱን ደጅ ካደረ ሥራው ይጓተታል፣ ብዙ ቀለም ሳይዝ ይቀራል። ድሬ ላይ ሙቀት ሞልቷል፤ እዚህ የሚያበላሸው መድረቅ ነው። ቀለሙ የሚሠራው ውሃ እስካለ ድረስ ብቻ ስለሆነ፣ በላስቲክ ሳይሸፈን ንፋስ ላይ የተተወ ጨርቅ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይደርቅና ሥራው በዚያው ይቆማል። ጠርዙ ከመሃሉ የሳሳ ንክር ካዩ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው፤ ጠርዝ ቀድሞ ይደርቃል።

አሁን ወደ ጨውዎ። ጨው ነካሪው በርሜል ውስጥ ቁም ነገር አለው፣ ቀለምን ወደ ክር ይገፋል ብለናል። እርስዎ ሳፋ ውስጥም ያንኑ ሠራ፦ ያልታሰረውን ትርፍ ቀለም ውሃው ውስጥ እንዳይወጣ ክሩ ላይ ገፍቶ ያዘው። ለዚህ ነው ውሃው ያልቀላው። ቀለሙ ያዘ ማለት ሳይሆን ተደበቀ ማለት ነበር። በማግስቱ ጨው የሌለው ሞቅ ያለ ውሃ ሲያገኝ አንድ ላይ ተለቀቀ፣ ነጠላዎም እዚያው ሳፋ ውስጥ ስለነበረ ተቀበለው። አቼቶ ቦታው ሌላ ነው፤ ለሱፍና ለሐር በሚሆኑት የአሲድ ቀለሞች ላይ ይሠራል። ጥጥ ላይ ግን ምንም አያስር፤ እንዲያውም አንዳንዱ የሪአክቲቭ ቀለም ማሰሪያ ኮምጣጣ ነገር እየቆየበት ሲሄድ ቀስ በቀስ ይላላል። ሎሚም ያው ነው። ምክሩ የተወረሰው ከሱፍና ከሐር ሳይሆን አይቀርም፤ የጥጥ ጨርቅ መሸጫ ባንኮኒ ላይ ግን እስከ ዛሬ ይደጋገማል።

ሻጩ ትርፉን አጥቦ ለምን አልሸጠልዎትም ቢሉ፣ መልሱ ውሃ ነው። ከዚህ በታች እንደሚያዩት አንድ ባለ 4 ሜትር ጥቁር ቀይ ጨርቅ እስኪጠራ 140 ሊትር ውሃ ይጠጣል፤ ከዚህም 60 ሊትሩ የፈላ መሆን አለበት። ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ያለ ነካሪ በቀዝቃዛ ውሃ አንዴ ሁለቴ ለቅለቅ አድርጎ ይሰጣል፣ የቀረው አጠባ ለገዢ ይተርፋል። ይህ በራሱ ነውር የለውም፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ቀነስ ይላል። ነውሩ አለመናገሩ ነው። ጨርቅ ሻጭ "ይህ ገና በፈላ ውሃ አልታጠበም" የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትከብደው፣ ቢያንስ ጨውና አቼቶ ባይመክር።

ወደ አጠባው ከመግባትዎ በፊት ጨርቁ በእውነት የዚህ ዓይነት መሆኑን በሻይ ብርጭቆ ያረጋግጡ። ከጨርቁ ጫፍ ሁለት ጣት ስፋት፣ አንድ መዳፍ ርዝመት ያህል ይቁረጡ፤ ሰፊው ለማጠፊያ የሚተወው ክፍል ስለሆነ አይጎዳዎትም። ቁራጩን ብርጭቆ ውስጥ አድርገው የፈላ ውሃ ይሙሉበት፣ 10 ደቂቃ ያቆዩት። ቁራጩን ያውጡ፤ ብርጭቆውን ግን አይድፉት። በሁለተኛ ብርጭቆ፣ በሦስተኛ፣ በአራተኛ እንደዚያው ይድገሙ። ሲጨርሱ አራቱን ብርጭቆዎች ነጭ ወረቀት ፊት ይደርድሯቸው። የመጀመሪያው እንደ ወፍራም ከርከዴ፣ ሁለተኛው እንደ ቀጭን ከርከዴ፣ ሦስተኛው ሮዝ ያዘለ ውሃ፣ አራተኛው ጥርት ያለ ከሆነ ጨርቅዎ ደህና ነው፤ ትርፉን ብቻ ነው ያለበት። አራቱም ተመሳሳይ ከሆኑ ቀለሙ ሌላ ዓይነት ነው፣ ወደዚያ እንመለሳለን። ቁራጩ ራሱ መሳሳቱንም ካልታጠበው ጋር አስተያይተው ይመልከቱ፦ ውሃው እየጠራ ሄዶ ቁራጩ ግን ደማቅ እንደሆነ ከቀረ፣ ከዚህ በላይ ማስረጃ አይፈልጉ።

በዚያው አጋጣሚ አንድ ክር መዝዘው በክብሪት ያቃጥሉ። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ የሚበን አመድ ይተዋል። ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር እንክብል የሚሆን ፖሊስተር ነው፤ ፖሊስተር የሪአክቲቭ ቀለም ጨርሶ አይቀበልም፣ ከጥጥ ጋር ተቀላቅሎ ከተሸመነ ደግሞ ላዩ ላይ የተቀመጠው ቀለም ሁሉ ይታጠባል። የፀጉር ቃጠሎ ከሸተተ ሱፍ ወይም ሐር ነው፣ ከታች ያለው የፈላ ውሃ አይነካካው።

እንግዲህ አጠባው። 4 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል ስፋት፣ መካከለኛ ውፍረት ያለው ጥጥ ደረቁ 900 ግራም ገደማ ይመዝናል። ለዚህ በየዙሩ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ይበቃል። ከዚህ ካነሰ ጨርቁ ተጣጥፎ በራሱ ቀለም ውስጥ ይንከባለላል፤ የወጣው ቀለም የሚሄድበት ስለሚያጣ ተመልሶ እዚያው ይቀመጣል።

የመጀመሪያዎቹ ዙሮች በቀዝቃዛ ውሃ፣ ያለ ሳሙና ናቸው። ጨርቁን ሳፋው ውስጥ እየገለባበጡ አምስት ደቂቃ ያንቀሳቅሱትና ውሃውን ይድፉ። የዚህ ዙር ዓላማ ቀለም ማውጣት አይደለም፣ ጨውና ሶዳውን ማውጣት ነው። ጨው ካለበት ትርፉ ክሩን አይለቅም፤ ሶዳ እንዳለበት የፈላ ውሃ ካገኘ ደግሞ ከታሰረው ቀለም ጥቂቱ ሊፈታ ይችላል። ሶዳው መውጣቱን በጣት ያውቁታል፦ ሶዳ ያለበት ውሃ በጣት መካከል ያሟልጫል፣ ሲወጣ ጣት ተመልሶ ይያዛል። ሦስት ዙር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። የእርስዎ ጨርቅ አንዴ ቢታጠብም ጨው ስለተዘፈዘፈበት ከሦስቱ ዙር አንዱንም አይዝለሉ። ይህ የመጀመሪያው ውሃ ጨዋማ ስለሆነ የጓሮ አትክልት ላይ አይድፉት።

ቀጥሎ የፈላ ውሃ ነው፤ ቁልፉ እዚህ አለ። ክሩ ውስጥ የተሰገሰገ ትርፍ ቀለም በቀዝቃዛ ውሃ ሃያ ጊዜ ቢለቀለቅ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እየሰጠ ለወራት ይቆያል። ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ግን ክሩ ላይ ያለው ጥብቀት ይላላል፣ ከውስጥ ወደ ውጭም በፍጥነት ይወጣል። ድሬ ላይ ቀትር የጣራ ሮቶ ውሃ ቆዳ የሚያቃጥል ቢመስልም እዚህ አይደርስም፤ መፍላት አለበት። ድሬ ላይ ውሃ የሚፈላው በ96 ዲግሪ አካባቢ፣ ሐረር ላይ በ94 ገደማ ነው፤ ለዚህ ሥራ ሁለቱም ይተርፋሉ። ውሃውን በድስት ያፍሉና ጨርቁ ያለበት ሳፋ ላይ ይገልብጡት። ጨርቁን ራሱን ወጥ በሚሠራበት ድስት አይቀቅሉ። አንድ የሾርባ ማንኪያ የዱቄት ሳሙና ይጨምሩ፤ "ያነጣል" የሚል፣ በረኪና ያለበት ግን አይሁን። በእንጨት ያማስሉት፣ ሙቀቱ እንዳያመልጥ ይሸፍኑት፣ 30 ደቂቃ ይተዉት።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ቦታ ይህች ናት፦ ውሃው እስኪበርድ መጠበቅ። ሲሞቅ የወጣው ቀለም ሲበርድ ማረፊያ ይፈልጋል፣ የሚያርፈውም ቀለም ያልነካው ነጭ ላይ ነው። የእርስዎ ጨርቅ ነጭ አበባ ስላለው ከሁሉም የበለጠ ይህችን ይጠንቀቁ። ውሃው ገና እጅ የማያስገባ ሆኖ ሳለ በእንጨት አንሥተው ሌላ ባዶ ሳፋ ውስጥ ያድርጉት፣ ወዲያው ሁለተኛውን የፈላ ውሃ ያውርዱበት። እንዲህ ሦስት ዙር። ቀይና ጥቁር ብዙ ቀለም ስለሚጠጡ ሦስት ዙር የግድ ነው፤ ቱርኩዋዝ የሚባለው ሰማያዊ አረንጓዴ ደግሞ ቅንጣቱ ትልቅ ስለሆነ ከክሩ ለመውጣት ይዘገያል፣ አራት አምስት ዙር ይፈልጋል። ቢጫ ቶሎ ይጠራል። መጨረሻ ላይ አንድ ዙር በቀዝቃዛ ያለቅልቁት። ሲደመር ሦስት ቀዝቃዛ፣ ሦስት ፍል፣ አንድ ማለቅለቂያ፤ ሰባት ጀሪካን።

የድሬ ውሃ ሌላ ጠባይም አለው። ማንቆርቆሪያዎ ውስጥ ያለውን ነጭ ቅርፊት ያዩታል አይደል? ያ ኖራ ነው። ኖራው በደረቅ ሳሙና ሲታጠቡ ከሳሙናው ጋር ተጣብቆ ግራጫ እድፍ ይሠራል፣ ትርፍ ቀለሙንም ይዞ ክሩ ላይ ይለጥፈዋል። በዚህ ሥራ ላይ ከደረቅ ሳሙና የዱቄቱን የመረጥነው ለዚህ ነው። ከቻሉ ለፍሉ ዙር የዝናብ ውሃ ይጠቀሙ። ክረምት ካልሆነ ደግሞ ውሃውን በዋዜማው አፍልተው ያሳድሩት፤ ሲፈላ ከኖራው ብዙው ይረጋል። ጠዋት ላዩን ብቻ ቀድተው እንደገና ያፍሉት፣ አተላውን ይተዉት።

ማለቁን በውሃው መልክ ብቻ አይፍረዱ። ሳፋ ውስጥ ያለ ውሃ ሲያዩት ጥርት ያለ ይመስላል፣ ብርጭቆ ውስጥ ሲገባ ሮዝ ነው። ትክክለኛው መፈተኛ ካውያ ነው፦ እርጥቡን ጨርቅ ዘርግተው ላዩ ላይ ነጭ የጥጥ ቁራጭ፣ አቡጀዲ ቢሆን ይመረጣል፣ አርጥበው ያንጥፉ፤ በጋለ ካውያ ሁለቱም እስኪደርቁ ይተኩሱ። ቁራጩ ነጭ ሆኖ ከተነሣ አልቋል። ሮዝ ጥላ ካለበት አንድ ፍል ዙር ይቀራል። የአበባዎ መደፍረስም በዚህ አጠባ አብዛኛው ይጠራል፤ አበባው ላይ ያረፈው መንጠቆውን የጨረሰ ቀለም ስለሆነ አልታሰረም።

ሲያሰጡትም ተደራርቦ እንዳይሰጣ፣ ከሁሉም በላይ እርጥቡን ጠቅልለው ሳፋ ውስጥ ትተው ወደ ሌላ ሥራ አይሂዱ። እርጥብ ላይ እርጥብ ተጭኖ ያደረ ጨርቅ የቀይ መስመር በነጩ ላይ ይገለብጣል። ጥላ ላይ፣ በግልባጩ፣ ገመዱ ላይ አንድ እጥፍ ብቻ ሆኖ ይድረቅ።

አሁን አራቱ ብርጭቆዎች እኩል ቀልተው ቢገኙስ? ያኔ ጨርቁ የተነከረው ዳይሬክት በሚባለው ቀለም ሊሆን ይችላል። በትንንሽ ከረጢት እየተሸጠ፣ ከጨው ጋር ብቻ እየፈላ የሚነከርበት ቀለም በብዛት ይህ ነው። መንጠቆ የለውም፤ ክሩን ተደግፎ ነው የሚቀመጠው፣ የሞቀ ውሃ ባገኘ ቁጥር ይወጣል። እሱን በፈላ ውሃ ለማጥራት ቢሞክሩ ትርፉን ሳይሆን ጨርቁን ራሱን ያሳሱታል። መፍትሔው ተቃራኒው ነው፦ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ለብቻው፣ ሳይዘፈዝፉ ቶሎ አጥቦ ማውጣት። ኬሚካል መሸጫ የሚገኝ የቀለም ማሰሪያ ፈሳሽም ለዚህ ቀለም በእርግጥ ይጠቅማል። ማሰሪያው የቀለሙን ቅንጣት ከራሱ ጋር አጣምሮ በውሃ እንዳይሟሟ ያደርገዋል። ልኩን ከጠርሙሱ ላይ ይውሰዱ፤ ማሰሪያዎቹ ጥንካሬያቸው ይለያያል። ሦስት ነገር ብቻ ያስታውሱ፦ ሳሙናው ሙልጭ ብሎ ያልወጣ ጨርቅ ላይ አይሠራም፣ ከሳሙናው ጋር ተያይዞ ይበላሻል። ጨርቁ ፀሐይ ላይ ቶሎ እንዲደበዝዝም ሊያደርግ ይችላል። ሦስተኛው ለእርስዎ ጨርቅ የሚመለከት ነው፦ ትርፍ ቀለሙ ሳይወጣ ማሰሪያ ከገባበት ትርፉንም አብሮ ያስረዋል፣ አበባዎ ላይ ያረፈውን ሮዝ ጭምር። ስለዚህ ብርጭቆው ሳይፈርድ ማሰሪያ አይግዙ።

ሌላም አለ። ውሃው ጥርት ብሎ እጅዎ ግን የሚቀባ ከሆነ፣ በተለይ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ላይ፣ ያ ኢንዲጎ ሊሆን ይችላል። ኢንዲጎ በውሃ አይሟሟም፣ ክሩ ላይ እንደ ደቃቅ ብናኝ ነው የሚቀመጠው፤ ስለዚህ አይለቅም፣ ይላጣል። ጨውም፣ ማሰሪያም፣ የፈላ ውሃም አይመልሰውም። በሳሙና ደጋግሞ ሲታጠብ ላይ ላዩ ይራገፍና ይቀንሳል፤ እስከዚያው ነጭ ልብስ ላይ አይደረብም።

ወደ ነጠላው። ጥጥ ላይ ያረፈው ያው ያልታሰረ ትርፍ ስለሆነ የሚወጣውም በዚያው መንገድ ነው፦ ለብቻው፣ በብዙ ሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና፣ ሙቅ እንዳለ እያነሡ፣ ውሃው እስኪጠራ። ነገር ግን ጥለቱን ያስቡ። ጥለቱ ሰው ሠራሽ ክር ወይም ወርቀ ዘቦ ከሆነ፣ ወይም ቀለሙ የሚለቅ ከሆነ፣ የፈላ ውሃ ያበላሸዋል። በመጀመሪያ የጥለቱን ጫፍ ብቻ ሙቅ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ነክረው ይፈትኑ። የማይችል ከሆነ እጅ በሚችለው ሙቀት ይወርዱና ዙሩን ያብዙ። መሃሉ ላይ ሮዙ ግትር ካለ ክሎሪን የሌለው ማንጫ ይሞክሩ። በረኪና ጥለት አጠገብ አይደርስም። ከአቼቶ ጋርም ፈጽሞ አይገናኝ፤ ነጠላው አቼቶ ከነበረበት ጨርቅ ጋር ስለታጠበ ይህን ሳንል አናልፍም። በረኪናና አቼቶ ሲቀላቀሉ ሳንባ የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ያወጣሉ፣ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አደገኛ ነው።

ለሰፊ መስጠቱን የካውያው ፈተና እስኪያልፍ ያቆዩት። ምክንያቱ ቀለም ብቻ አይደለም፤ ያልታጠበ ጥጥ በፈላ ውሃ ሲገባ ይሰበሰባል፣ ከሜትሩ ሦስት እስከ አምስት ሳንቲ ሊቀንስ ይችላል። ከተሰፋ በኋላ ቢታጠብ ቀሚሱ ያጥራል፣ ነጭ ገበር ካለው ደግሞ ገበሩ ሮዝ ሆኖ ስፌቱ ይጨማደዳል። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተተኩሶ ከዚያ ይለካ። 4 ሜትሩ 3 ሜትር ከ85 ሆኖ ቢያገኙት ሻጩ አልቀነሰብዎትም።

አራቱ ብርጭቆዎች እኩል ከሆኑ ግን ጨርቁን ለማጠብ ውሃ አይፍጁ። ብርጭቆዎቹን ፎቶ አንሥተው፣ የታጠበውን ቁራጭ ካልታጠበው ጎን ይዘው ወደ ሻጩ ይመለሱ። ክርክሩ "ለቀቀ፣ አለቀቀም" ላይ አይሁን፤ ጥያቄዎ አንድ ነው፦ "በሶዳ ነው የተነከረው ወይስ በጨው ብቻ?" ነካሪውን የሚያውቅ ሻጭ ይህን ጠይቆ ይመልስልዎታል። በሚቀጥለው ግዢዎ ላይም ሱቁ ውስጥ ነጭ ሶፍት አርጥበው ጥቁሩን ቦታ አሥር ጊዜ ያሹ። ጥቂት መቅላቱ የተለመደ ነው። ሶፍቱ እንደ ጨርቁ ከጠቆረ ገና ያልታጠበ ነውና፣ ከዋጋው ላይ የሰባት ጀሪካን ውሃና የከሰሉን ያስቀንሱ።